ሙቀት፣ አቧራና ባትሪ፦ ሰርቨር ክፍል ለሌለው ትንሽ ቢሮ የስዊች ካቢኔት አመራረጥ

የብዙ ትናንሽ ቢሮዎች ኔትወርክ ያለው ግድግዳ ላይ በተሰቀለች አንዲት የብረት ካቢኔት ውስጥ ነው። ካቢኔቷን ሊገዛ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ፋን ያስፈልጋታል ወይ፣ አቧራውን ምን ላድርገው፣ ዩፒኤሱስ ስንት ቪኤ ይሁን? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ለየብቻ መልስ ያገኛል፤ ሁለት ፋን፣ አንድ ትልቅ ዩፒኤስ፣ አለቀ። ነገሮቹ ግን የተያያዙ ናቸው። ፋኑ አቧራ ይስባል፣ አቧራው ሙቀት ያመጣል፣ ሙቀቱ ደግሞ የዩፒኤሱን ባትሪ ይጨርሳል። ስለዚህ ምርጫውም አብሮ መታየት አለበት።

ንጽጽሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ 12 ሰው የሚሠራበት የሂሳብ ሥራ ቢሮ ነው እንበል። ካቢኔቷ 9 ዩ ናት፤ ወርዷ 60፣ ቁመቷ 50፣ ጥልቀቷ 45 ሳንቲ ሜትር። ውስጧ በኔትወርክ ገመዱ በኩል ኃይል የሚሰጥ ባለ 24 ፖርት ፒኦኢ ስዊች፣ ራውተር፣ የፋይበሩን መስመር ወደ ኔትወርክ ገመድ የሚቀይረው ኦኤንቲ እና የካሜራ መቅጃ አለ። ስዊቹ ለ3 ዋይፋይ ማሰራጫዎች፣ ለ4 ካሜራዎችና ለ6 ስልኮች ኃይል ይሰጣል።

## ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች

ከምንም በፊት ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ ይፈልጉ። መለኪያውን ዕቃዎቹ በሙሉ በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ አድርገው በማታ ያንብቡት። በማታ የምንለው ካሜራዎች የጨለማ መብራታቸውን ሲያበሩ የሚወስዱት ኃይል ከቀኑ ስለሚበልጥ ነው። በምሳሌያችን ቢሮ ንባቡ 160 ዋት ነው። ይህ ዩፒኤሱ የሚሸከመው ቁጥር ነው።

ካቢኔቷን የሚያሞቀው ግን 160 ዋት አይደለም። ከዚያ ውስጥ 75 ዋቱ በገመድ ወጥቶ ኮርኒስ ላይ ባለው ማሰራጫ፣ በረንዳ ላይ ባለው ካሜራና ጠረጴዛ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ ነው ሙቀት የሚሆነው። ካቢኔቷ ውስጥ የሚቀረው 85 ዋት ብቻ ነው፦ ስዊቹ ለራሱ 30፣ ፒኦኢውን ሲያመነጭ የሚያባክነው 10፣ መቅጃው 25፣ ራውተሩ 12፣ ኦኤንቲው 8። ሁለቱን ቁጥሮች የሚያምታታ ሰው ወይ ለማያስፈልግ ሙቀት ፋን ይገዛል፣ ወይ ደግሞ ዩፒኤሱን በስዊቹ የራስ ፍጆታ ብቻ አስልቶ መብራት በሄደ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከኔትወርክ ውጭ ይሆናል።

በፒኦኢ የሚወጣውን ኃይል ስዊቹ ራሱ ይነግራል። በሲስኮ ካታሊስት ስዊች ላይ እንዲህ ይታያል፦

```
show power inline
show power inline police
show env all
```

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ትዕዛዝ የሚያሳየው ለፖርቱ የተመደበውን ኃይል ሊሆን ይችላል። ፖርቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ለምሳሌ 15.4 ካሳዩ፣ ያ ምደባ እንጂ ፍጆታ አይደለም። በተጨባጭ የሚወጣው በሁለተኛው ትዕዛዝ `Oper Power` በሚለው ዓምድ ሥር ነው። ሦስተኛው የስዊቹን የውስጥ ሙቀት ያወጣል። በማይክሮቲክ ላይ ሙቀቱን ለማየት `/system health print` ይበሉ፤ መለኪያ ባለው ሞዴል ላይ ይሠራል።

## ዝግ ካቢኔት፣ የሚስብ ፋን ወይስ የሚገፋ ፋን?

ቀለም የተቀባ የብረት ካቢኔት ያለ ምንም ፋንም ሙቀት በግድግዳው ያስወጣል። በአንድ ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት፣ 5.5 ዋት ገደማ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለች 9 ዩ ካቢኔት ጀርባዋ ስለተሸፈነ ሙቀት የምታስወጣበት ስፋት 1.2 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ሲባዛ በዲግሪ 6.6 ዋት ነው። እንግዲህ በሯ ዝግ ሆኖ 85 ዋት ቢለቀቅባት ውስጧ ከቢሮው በ13 ዲግሪ ይበልጣል ማለት ነው። ዩፒኤሱንም ውስጧ ካስገባነው ሌላ 15 ዋት ይጨምርና ልዩነቱ 15 ዲግሪ ይሆናል።

የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ 15 ዲግሪ ብዙ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ፀሐይ የሚያስገባ ባለ መስታወት ቢሮ በየካቲትና መጋቢት 26 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም፤ ካቢኔቷ ውስጥ 41 ሆነ ማለት ነው። ከተማው 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ ደግሞ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፋን ያንኑ ያህል አየር ቢያንቀሳቅስም የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። አንዳንድ የስዊች አምራቾች ይህን አስበው ወረቀታቸው ላይ እስከ 1,500 ሜትር 45 ዲግሪ፣ እስከ 3,000 ሜትር 40 ዲግሪ ብለው ይከፍሉታል። ለእኛ የሚሠራው ሁለተኛው ነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን 45 ብቻ አንብቦ መተማመን አይገባም።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያ ምርጫ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ካቢኔቷ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት 50 ዋት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፋን አይግጠሙ። ፒኦኢ የሌለው ስዊች፣ ራውተርና ኦኤንቲ ብቻ ያለው ቢሮ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በታች ነው። ልዩነቱ ከ8 ዲግሪ አይበልጥም፣ አየር ስለማይገባም አቧራ በጣም ይቀንሳል። ካቢኔቷ ከነፋኗ ከተሸጠችም ፋኑን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ ቀዳዳዎቹን ከውስጥ መሸፈን ይቻላል።

የእኛ ቢሮ 85 ዋት ስላለው ፋን ያስፈልገዋል። ጥያቄው የት ይገጠም የሚለው ነው።

በገበያ ላይ ያለችው የተለመደችው ካቢኔት ጣሪያዋ ላይ ፋን አላት፣ አየር ከውስጥ ወደ ላይ ያወጣል። ሙቀትን በማስወጣት በኩል አይታማም። ችግሩ አየር ሲወጣ በምትኩ ሌላ አየር መግባቱ ነው፤ የሚገባውም በበሩ ስንጥቅ፣ በገመድ ማስገቢያው ቀዳዳ፣ በጎን መክደኛው ጠርዝ ነው። ከነዚህ አንዱም ማጣሪያ የለውም። በኮሪደር ልማትና በሕንጻ ግንባታ ዙሪያ ያለ ቢሮ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ደረቅ ወራት የሲሚንቶ ብናኝ በመስኮት ሲገባበት ይውላል። ያ ብናኝ ክረምት ሲመጣ እርጥበት ስቦ ይጋገራል፤ በብሩሽ የማይለቅ ግራጫ ቅርፊት ሆኖ የስዊቹ ፋን ቅጠል ላይና ባዶ ፖርቶች ውስጥ ይቀራል።

ሦስተኛው አማራጭ ተቃራኒው ነው። ፋኑ ከታች በጎን ተገጥሞ፣ በማጣሪያ በኩል አየር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ አየሩም በላይኛው ክፍተት ይወጣል። ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭ ትንሽ ስለሚበልጥ በየስንጥቁ አየር ይወጣል እንጂ አይገባም። አቧራ የሚገባበት በር አንድ ብቻ ሆነ፣ እሱም ማጣሪያ አለው። ደረቅ አቧራ ላለበት ቢሮ የምንመርጠው ይህን ነው።

የሚያስፈልገው የአየር መጠን በቀላል ሒሳብ ይገኛል። በባሕር ወለል ላይ ዋቱ በ3.1 ተባዝቶ ለሚፈቀደው የዲግሪ ልዩነት ይካፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ 3.1ን በ4.1 እንተካለን፦

```
V = 4.1 × 85 / 5 ≈ 70 m³/h
```

ማለትም ውስጡ ከቢሮው በ5 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ በሰዓት 70 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል። አንድ ባለ 12 ሳንቲ ሜትር የ220 ቮልት ፋን ምንም ሳይከለክለው 150 ገደማ ያንቀሳቅሳል፤ ማጣሪያ ሲደረግበት ግማሹን ያህል ያጣል። ስለዚህ አንድ ፋን በንጹሕ ማጣሪያ ይበቃል፣ በተደፈነ ማጣሪያ ግን አይበቃም። የማጣሪያው ስፋት ከፋኑ አፍ ሁለት እጥፍ ቢሆን የመደፈኛው ጊዜ በጣም ይራዘማል።

ሲገጠም ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ቀዳዳው ዕቃው ውስጥ እያለ ይቆረጣል። የብረት ብናኙ የስዊቹ ቦርድ ላይ ወድቆ ሾርት ያደርጋል፤ አንዳንዴም ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ካቢኔቷን ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርገው ይቁረጡ። ሁለተኛ፣ የጣሪያው ፋን ሳይነቀል ይቀራል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ላይኛው ከበለጠ የሚስበው አቧራ እንደ ቀድሞው ነው። የጣሪያውን ፋን አንስተው ቀዳዳውን መውጫ ያድርጉት። ሦስተኛ፣ ቴርሞስታቱ ተገላቢጦሽ ይገዛል። ለፋን የሚሆነው ሲሞቅ የሚያገናኘው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መዘውሩ ሰማያዊ ነው። ቀይ መዘውር ያለው ለማሞቂያ የተሠራ ስለሆነ ሲሞቅ ያጠፋል። መዘውሩን 33 ወይም 35 ዲግሪ ላይ ቢያቆሙት ፋኑ ሌሊቱን በሙሉና ጠዋት ያርፋል፤ የሚገባው አቧራም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ፋኑን ከዩፒኤሱ ሳይሆን በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ያገናኙ። 20 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ያም ከባትሪው ጊዜ ከአንድ አሥረኛ በላይ ነው። በዚያ ላይ ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ ንጹሕ ስላልሆነ የፋኑ ሞተር ያጉረመርማል፣ ይሞቃልም። መብራት ለረጅም ሰዓት ከሄደ የካቢኔቷን በር መክፈት ይበቃል።

ኤሲን በተመለከተ ለአንዲት ካቢኔት ብሎ መግዛት ለዚህ ከተማ አይመከርም። መብራት ሲሄድ አብሮ ይቆማል፤ ውሃውም የሚንጠባጠብበት ቦታ ይፈልጋል።

## ማጣሪያው መቼ ይጸዳ?

"በየወሩ" የሚለው መልስ አይሠራም፤ የሐምሌ ወርና የጥር ወር አቧራ አንድ አይደለም። የተሻለው ልዩነቱን ማየት ነው። ገመድ ያለው ባለ ሁለት ንባብ ቴርሞሜትር ይግዙ፣ ጫፉን ካቢኔቷ ውስጥ ከላይ ያድርጉት፣ አካሉን ውጭ። ማጣሪያው አዲስ ሲሆን ፋኑ እየሠራ ልዩነቱን ይጻፉ፤ በምሳሌያችን 5 ወይም 6 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ 9 ሲደርስ ማጣሪያው ተደፍኗል። ቢሮው ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ልዩነቱ ብዙም አይለወጥም፤ ለዚህ ነው ከቀጥታ ሙቀቱ ይልቅ ልዩነቱን የምናምነው።

ሁለት ማጣሪያ ይኑርዎት፤ አንዱ ታጥቦ ሲደርቅ ሌላው ይግባ። እርጥብ ማጣሪያ መልሶ መግጠም አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል። የስዊቹን ውስጥ ለማጽዳት የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አይጠቀሙ፤ ከአየሩ ጋር ዘይትና ውሃ ይረጫል። ለስላሳ ብሩሽና ቫኪዩም ይበቃል፤ ሲጠቡም የፋኑን ቅጠል በጣት ይያዙት፣ አለበለዚያ ከልክ በላይ ይሽከረከራል።

ካቢኔቷ የተሰቀለችበትም ቦታ ይመልከቱ። ብዙ ቢሮ ውስጥ ነፃ ግድግዳ የሚገኘው ቡና የሚፈላበት ጥግ ላይ ነው። የጀበናው እንፋሎትና የዕጣኑ ጢስ ማጣሪያውን ያጣብቀዋል። እንዲህ ያለው ማጣሪያ ሲነካ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ቀለሙም ወደ ቡናማ ያደላል፤ በውሃ ብቻም አይለቅም። ወይ ካቢኔቷ ወይ ረከቦቱ ይነሣ። ቁመቷ ከወለል 1.5 ሜትር ቢሆን ወለል ሲጠረግ ከሚነሣው አቧራ ትርቃለች።

## ዩፒኤስ፣ ኢንቨርተር ወይስ ትንሿ ዲሲ ባትሪ?

በመጀመሪያ፣ ዩፒኤሱ ከካቢኔቷ ውጭ ይቀመጥ። የተዘጋ እርሳስ ባትሪ የሚስማማው 25 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቢሮው ውስጥ አራት ዓመት የሚቆይ ባትሪ ካቢኔት ውስጥ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያብጣል። ከካቢኔቷ ሥር፣ ከወለል 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ያድርጉት፤ ወለል ሲወለወል ውሃ እንዳይደርስበት።

ሁለተኛው ነገር ቪኤ ጊዜ አይደለም። ቪኤው በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚሸከም ይናገራል፣ ለስንት ደቂቃ የሚለው ያለው ባትሪው ላይ ነው። አንድ ባለ 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ 600 ዋት ገደማ ይሸከማል፤ የእኛ 160 ዋት ለእሱ ቀላል ነው። ውስጡ ሁለት ባለ 12 ቮልት 9 አምፔር ሰዓት ባትሪ ካለ በወረቀት 216 ዋት ሰዓት ነው። ነገር ግን እርሳስ ባትሪ በአንድ ሰዓት አካባቢ ሲጨረስ የሚሰጠው 60 በመቶውን ያህል ነው፣ ከዚያም ላይ ዩፒኤሱ ሲቀይረው አንድ አምስተኛው ይባክናል። የሚቀረው 104 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 39 ደቂቃ ነው። ባትሪው ሲያረጅ 27 ደቂቃ ብለው ይያዙት።

ይህ ይበቃል ወይ? መልሱ ያለው ሕንጻው ላይ ነው። ጀነሬተር በሥራ ሰዓት በደቂቃዎች ውስጥ የሚነሣ ከሆነ ይህ ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው የተለመደው ዩፒኤስ ይበቃል፣ ከዚህ በላይ አይግዙ። አንድ ነገር ግን ይፈትሹ። የጀነሬተሩ ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ ከፍ ዝቅ ሲል ዩፒኤሱ አልቀበልም ብሎ በባትሪ ይቀጥላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የቢሮው አምፖል በርቷል፣ ዩፒኤሱ ግን እየጮኸ ነው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ይጠፋል። ሰው ባትሪው ሞቷል ብሎ ይቀይራል፣ ችግሩ ግን ይቀራል። የዩፒኤሱን ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም የቮልቴጅ ለውጥ ላይ ያለውን ጥንቃቄ፣ ዝቅተኛው ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። ካልፈታው፣ ወይም መብራት እያለ በቀን ብዙ ጊዜ ቀጭ እያለ ወደ ባትሪ የሚሄድ ከሆነ፣ ያኔ ኦንላይን ዩፒኤስ ዋጋውን ያወጣል። የሚገባውን ኃይል ሙሉ በሙሉ እንደገና ስለሚሠራው የቮልቴጅ መዋዠቅ ዕቃው ጋ አይደርስም። በምትኩ ፋኑ ሁልጊዜ ይሽከረከራል፣ ይጮኻል፣ አቧራም ይጠባል።

ጀነሬተር የሌለው ሕንጻ ሌላ ነው። ሦስት ሰዓት እንፈልጋለን እንበል። 160 ዋት በ3 ሰዓት 480 ዋት ሰዓት ነው፤ የኢንቨርተሩ ብክነትና የራሱ ፍጆታ ሲጨመር 610 ገደማ ይሆናል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ነው፣ ግን ዕድሜው እንዲቆይ ከግማሹ በላይ መውሰድ የለብንም። 600 ነው፤ ልክ አፍ አፉ ላይ ደረሰ፣ ለእርጅና የሚተርፍ የለም። በጄል ከሆነ ሁለት ባትሪ በ24 ቮልት ያስፈልጋል። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግን 1,280 ዋት ሰዓት ይዞ 80 በመቶውን ያለ ጉዳት ይሰጣል፤ አንዱ ብቻ አምስት ሰዓት ያስኬዳል።

ለእኛ የሚመዝነው ግን መሙያ ጊዜው ነው። በአንድ ቀን ጠዋትም ከሰዓትም መብራት የሚሄድበት ጊዜ አለ። ሦስት ሰዓት የሠራ ጄል ባትሪ በ10 አምፔር ቻርጀር ለመሙላት ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈልጋል፤ ከሰዓት ሲሄድ ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል። ሊቲየሙ በ20 አምፔር ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ዋጋው መጀመሪያ ቢከብድም ጀነሬተር ለሌለው ቢሮ የምንመርጠው እሱን ነው፣ ንጹሕ ሞገድ ከሚያወጣ ኢንቨርተር ጋር። የቻርጀሩን ቅንብር ወደ ሊቲየም መቀየር፣ ቮልቴጁን ከ14.2 እስከ 14.4 ማድረግና ኢኳላይዝ የሚለውን ማጥፋት አይዘንጉ። አለበለዚያ የባትሪው መከላከያ እየቆረጠ ያስቸግራል።

መደረግ የሌለበት፣ ግን የሚደረግ አንድ ነገር አለ፦ የትንሽ ዩፒኤስ ባትሪ ሲሞት በቦታው የመኪና ባትሪ መቀጠል። የዩፒኤሱ ቻርጀር ለ9 አምፔር ሰዓት የተሠራ፣ አንድ አምፔር ገደማ የሚሰጥ ነው፤ 100 አምፔር ሰዓት ለመሙላት ከአራት ቀን በላይ ይፈጅበታል። ለግማሽ ሰዓት የታሰበው ትራንስፎርመርም ለሰዓታት ሲሠራ ይቃጠላል። የመኪና ባትሪ ደግሞ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም።

ሦስት አራት ሰው በላፕቶፕ ለሚሠራበት ቢሮ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ዲሲ ባትሪ ራውተሩንና ኦኤንቲውን ብቻ ትይዛለች፤ 20 ዋት ስለሆነ ሌላ አያስፈልግም። የኦኤንቲው አዳፕተር 12 ቮልት መሆኑንና የመሰኪያው ፖዘቲቭ ወደ ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሌላው መንገድ ባትሪ ከመጨመር ሸክም መቀነስ ነው። መብራት ሲሄድ 6ቱ ስልኮችና ሁለቱ ማሰራጫዎች ቢጠፉ ከ160 ዋት ወደ 110 ይወርዳል፤ ያው 39 ደቂቃ የነበረው ዩፒኤስ አንድ ሰዓት ይደርሳል። በሲስኮ ፖርቱ ላይ ገብቶ `power inline never` ማለት ነው፤ ሲመለስ `power inline auto`።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ፣ በየሦስት ወሩም፣ አርብ ከሥራ በኋላ የመስመሩን ብሬከር ያጥፉና ሰዓት ይያዙ። መሰኪያውን አይንቀሉ፤ ሲነቀል ኧርዙም አብሮ ይቋረጣል። ዩፒኤሱ እስኪጠፋ የቆየበትን ደቂቃ ከቀኑ ጋር ወረቀት ላይ ጽፈው አካሉ ላይ ይለጥፉት። 39 የነበረው ከ20 በታች ሲወርድ ሁለቱንም ባትሪዎች በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። አንዱን ብቻ ከቀየሩ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል።